አሥር ስንኝ ለባንዲራ

«የግንቦት ሃያን ግጥም የደርግ ወታደር ሚስት ትጽፍልን?» አለ አንድ ድምፅ ከመምህራን ማረፊያው ውስጥ። ግድግዳው ሽመል በሚሉት ቀርከሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ከበሩ አጠገብ ያለውን ክፍል ምስጥ ስለበላው ጭቃው ረግፏል፣ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል። መምህርት በለጡ የጠመኔ ካርቶን ታቅፋ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ድምፁን አወቀችው፤ የታሪክ መምህሩ የምንያህል ነው። ወንበር ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ሰው ሳለ፣ ሌላው ስለ ስኳር መወደድ ጨዋታ ጀመረ። በለጡ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተመለሰች፤ ጫማዋን መሬቱ ላይ እያሻሸች የጭቃ ማራገፍ ድምፅ አሰማችና ገባች። «እንደምን አደራችሁ» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ሁሉም በአንድነት፣ ምንያህልም ጭምር። ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፣ የሰኞን ፕሮግራም አየች፣ ለዘጠነኛ ክፍል የሚሆን ሦስት ጠመኔ ወስዳ ወጣች።

ግጥሙን የጠየቃት ዳይሬክተሩ አቶ ሀይደር ነበር፣ ባለፈው ዓርብ። የሚፈልገውን በጣቶቹ እየቆጠረ ነገራት፦ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥ፣ ደም አይኑርበት፣ ጠላት አይኑርበት፣ እኛ ከእነ እገሌ እንበልጣለን የሚል አይኑርበት። «ግን ኩራት ይኑርበት» አላት። «ልጆቹ ደረታቸውን ነፍተው ይቁሙ። አዲስ ክልል ነን፤ ቢሮዎቻችን እንኳ ገና በኪራይ ቤት ናቸው። የሚያኮራ ነገር ይፈልጋሉ።» ምክንያቱን አልነገራትም፤ ሁሉም ያውቀዋል። አምና በዚሁ በዓል የተነበበው ግጥም ምንያህል የጻፈው ነበር። «የጠላት አጥንቱን ረግጠን አለፍን» የሚል ስንኝ ላይ ሲደረስ፣ በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው አገኘሁሽ ወላጆች ከቆሙበት ተነጥላ በሰልፉ መሀል አልፋ ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች። የአገኘሁሽ ትልቅ ልጅ ከሠፈራ መንደር ለውትድርና ተወስዶ ሳይመለስ የቀረ ነው። ከእሷ በኋላ አራት አምስት እናቶች ልጆቻቸውን እያወጡ ሄዱ። ግጥሙ አላቆመም። አንባቢው ልጅ እየጮኸ ጨረሰ፣ ተጨበጨበ፣ ሰልፉ ግን ጥርስ እንደወለቀበት አፍ ሆኖ ቀረ።

የበለጡ ባል ደባልቄ ወታደር አልነበረም፤ የእርሻ ባለሙያ ነበር። በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ላይ ለብሔራዊ ግዳጅ ተጠርቶ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ሦስተኛው አልመጣም። መሞቱን የሚናገር ወረቀትም አልደረሳትም። ይህን በትምህርት ቤቱ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ከእሷ አፍ አልሰሙም።

ረቂቁን ቅዳሜና እሑድ ጽፋ ነበር። ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም የሚል ነው፤ ሐረጉ በስድስት ይቆማል፣ የምታነበው ልጅ ትተነፍሳለች፣ ሌላው ስድስት ይከተላል። ይህን የመረጠችው ለአደባባይ ስለሚመች ነው። ስምንት ቀለም ቢሆን ጭፈራ ይመስላል፤ ከዚህ የረዘመው ደግሞ በሜዳው ንፋስ ይበተናል። በአራት ሰዓት ዕረፍት ላይ ሲትናን ጠርታ ክፍል ውስጥ አስነበበቻት። ሲትና ሙርሳል የዘጠነኛ ሀ ተማሪ ናት፣ በቤቷ የምትናገረው በርታ ነው። የተመረጠችው ድምፅ ማጉያው ባትሪ ስለሌለው ነው፤ ከባንዲራው ምሰሶ ሥር ቆማ ብትናገር ድምፅዋ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ ይደርሳል። ግጥሙን አንዴ በልቧ አንዴ በድምፅ አነበበች። ውብ ሰንደቃችን ይል ነበር፣ ከፍ ብለሽ ታይ፣ አረንጓዴው ልምላሜ፣ ቢጫው ተስፋ። ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው ቲቸር።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

ሲትና ወደ መስኮቱ አየች። «ይሄን ሌላ ከተማ፣ ካማሺ ላይ ቢያነቡትም ያው ነው» አለች። «የኛ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

በለጡ ሳቋን ዋጠች፤ ልጅቷ ልክ ነበረች። ማንንም እንዳይነካ ብላ ስትጠነቀቅ ማንም የሌለበት ግጥም ጽፋለች። አሥራ ሁለቱም ስንኝ ቤት ይመታል፣ አንድም ሰው የለበትም። «ስጪኝ» አለቻት፤ «ለአሥር ሰዓቱ ልምምድ ሌላ ይኖርሻል።» «እስከ አሥር?» አለች ሲትና ደንግጣ። «በስንት ሰዓት ላጠናው ነው?» «አጭር ይሆናል። አሥር ስንኝ።» ልጅቷ በጣቶቿ አሥር ቆጥራ ወጣች።

ሜዳው ላይ ሁለት ሰዎች የባንዲራውን ምሰሶ እየቀየሩ ነበር። አሮጌው ምሰሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከላይ ሲያዩት ደህና እንጨት ነው፣ ከሥሩ ግን ምስጥ ጨርሶት እንደ ደረቀ ዳቦ ሆኗል። አዲሱ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቸሩ የሚባለው ሠፋሪ ገበሬ ከሠፈራ መንደሩ ከአምባ አሥራ ሁለት ከልጆቹ ጋር በትከሻ ያመጣው ነው። የሲትና አባት ሙርሳል ደግሞ የወላጆች ኮሚቴ አባል ነው፤ ለምሰሶው ዙሪያ የሚሆን የሽመል አጥር ይጎነጉናል። ቸሩ የእንጨቱን ሥር በእሳት ለብልቦ ጥቁር አድርጎታል፣ አሁን ከጋራዥ ያመጣውን የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ ይቀባዋል።

«አስተማሪ፣ እይ» አለ አማርኛው ሴትና ወንድ የማይለየው ሙርሳል እጁን ወደ አሮጌው ምሰሶ ዘርግቶ። «ቸሩ ያመጣው እንጨት ለምስጥ ስኳር ነው። በየዓመቱ ግብዣ ይጠራል።»

«የናንተን ሽመል ይተወዋል አሉ» አለ ቸሩ ቀና ሳይል። «ያቺ የመምህራን ቤት ግድግዳ በምን ተበላች ታዲያ? በአይጥ?»

«እሱ ጭቃ ነው የተበላው።»

«ጭቃ! ምስጥ ጭቃ በልቶ ሲያድር አየህ?»

ሙርሳል ሳቀ። በለጡ ምሰሶው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠየቀቻቸው። ሁለት፣ አለ ቸሩ፣ ዝናቡ ከባሰ አንድ። ታዲያ ለምን የብረት አይጠይቁም? ጠይቀናል፣ አለ ሙርሳል፣ ብረቱ ያለው ቢሮ ነው፣ ይመጣል አሉ። «እስኪመጣ እኛ እናቆማለን። እኔ አጥሩ፣ እሱ እንጨቱ። አምናም እንዲህ፣ ካቻምናም እንዲህ።» ቸሩ ዘይት የነካ እጁን ሣር ላይ ጠረገ። «ካቻምና ያቆምነው ቀን ዝናብ መጣ» አላት። «ጉድጓዱን እኔ ስቆፍር እሱ ልጆቹን አሰልፎ ምሰሶውን በእጅ አስይዟቸው ቆመ፤ ዝናቡ እስኪያባራ አንድም አልለቀቀም።» ከዚያ ጨዋታውን ትተው ምሰሶውን ለማንሣት ጎንበስ አሉ።

በስድስት ሰዓት ተኩል ቤቷ ገባች። ቤቱ በወር አርባ ብር የሚከራይ ባለ አንድ ክፍል ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የደባልቄ የብረት ሻንጣ አለበት። ከእሷ ጋር የምትኖረው የደባልቄ ታናሽ እህት እየሩስ ናት፤ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሁለቱ ሴቶች ስለ ውሃ፣ ስለ ከሰል፣ በአንድ ብር ስድስት ማንጎ መስጠት ስለጀመረችው ነጋዴ ያወራሉ። ስለ ሻንጣው አያወሩም። እየሩስ ሽሮውን አቀረበች፣ ተቀመጡ፣ ትንሽ በሉ።

«ለነገ ግጥም የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉ፣ እትዬ» አለች እየሩስ።

«አዎ።»

እየሩስ እንጀራዋን ቆረሰች፣ ግን አልጎረሰችም። «እኔ ነገ ቤት ነኝ። ልብስ አጥባለሁ።»

«ጥሩ» አለች በለጡ።

እየሩስ ሳህኖቹን አነሣች፣ በለጡ ጠረጴዛውን ጠርጋ ወረቀት አወጣች። በግራ እጇ ጣቶች ጠረጴዛውን እየመታች ቀለም ትቆጥራለች፤ ስድስት፣ ዕረፍት፣ ስድስት። የመጀመሪያዎቹ ቶሎ መጡ፤ የሠራችው ቢኖር ጠዋት ያየችውን መደርደር ብቻ ነው። የክልሉን ብሔረሰቦች ስም ልትዘረዝር አስባ ነበር፣ ግን ማን ይቅደም? ማን ይቅር? ሠፋሪውስ በየትኛው ስም ይጠራል? ስሞቹን ትታ ሥራውን ጻፈች፤ እንጨት ያመጣ፣ አጥር ያጠረ። ስድስት ስንኝ ከሆነ በኋላ ቆመች። በዓሉ የድል በዓል ነው፤ ስለ ሞተ ሰው አንዳች የማይል ግጥም ውሸት ይሆናል። የሞቱትን አንሥቶ ደግሞ ማን እንደገደላቸው አለመናገር ይቻላል ወይ? ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ቀረ። ከኋላዋ እየሩስ ሳህን ታጥባለች። በለጡ ሁለት ስንኝ ጻፈች፣ ቆጠረቻቸው፣ አንዲት ቃል ለወጠች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ አለቻቸው። የሳህኑ ድምፅ ተቋረጠ። በለጡ አልዞረችም። ከትንሽ በኋላ ሳህኑ መታጠቡን ቀጠለ።

በስምንት ሰዓት የበዓል ኮሚቴው በአቶ ሀይደር ቢሮ ተሰበሰበ፤ ሀይደር፣ ጸሐፊው ምንያህል፣ የወላጆች ተወካዩ ሙርሳልና እሷ። አዲሱ ግጥም ካልጸደቀ ነገ የሚቀርበው የአምናው ነው፤ በፕሮግራሙ ላይ አሁንም የተጻፈው እሱ ነበር። በለጡ ወረቀቱን ለሀይደር ሰጠች፣ ሀይደር መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ፦

ሰንደቁ ሲወጣ ቀስ ብሎ በገመድ፣
እኩል ቀና አልን ጎረቤት ከዘመድ።
ግንዱን ያመጣልን ገበሬው በትከሻው፣
በሽመል አጠርነው ሁሉም በየድርሻው።
ምስጥ ቢበላውም ከሥሩ ጀምሮ፣
አምና እንዳቆምነው ይቆማል ዘንድሮ።
ወጥተው የቀሩትን እናቶች ያውቃሉ፣
ባንጠራቸው እንኳ ከሰልፉ ውስጥ አሉ።
ኩራታችን ይህ ነው፣ ድምፅ የማያሰማ፣
ገመዱን የሚስብ ገጠርና ከተማ።

«ይኸው ጠላት ተገኘ» አለ ምንያህል። «ምስጥ!»

ሀይደር ሳቀ፣ ሙርሳልም። በለጡም ፈገግ አለች። «እሱን ማንም ቢረግመው ማንም አይቀየምም» አለች።

ምንያህል ግን ሳቁን ቶሎ ጨረሰ። ወረቀቱን ከሀይደር እጅ ተቀበለና ሰባተኛው ስንኝ ላይ ጣቱን አደረገ። «ወጥተው የቀሩት እነማን ናቸው?»

«ወጥተው የቀሩ ሁሉ።»

«የትኞቹ ሁሉ? ለመብታቸው የወጡትና እነሱን ሊገድል የወጣው በአንድ ስንኝ ውስጥ ይገባሉ? ይሄ በዓል የምን በዓል እንደሆነ እኮ እናውቃለን። ደሙን ካወጣሽው ምን ይቀራል?»

«ደሙን አልካድኩም» አለች በለጡ። «አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ በአደባባይ አትቆጥረውም ነው ያልኩት። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። ልጆቹን ነገ ማን ያሰልፍልናል?»

«አንቺ ለእነሱ ታስቢያለሽ። ለምን እንደምታስቢ ይገባኛል።»

ሀይደር «ምንያህል» አለ ቀስ ብሎ። በለጡ የጠዋቱን አልረሳችም፣ ግን አላነሣችውም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋ «ስንኙ ካልሆነ ግጥሙን እወስደዋለሁ» አለች። «የአምናውን አቅርቡ። እኔ ግን ልጅቷን አላለማምድም።»

«የአምናው ግጥም ለማን እንደተጻፈ ታውቂያለሽ?» አለ ምንያህል። ድምፁ ከቅድሙ ዝቅ ብሏል። «ታላቅ ወንድሜ አለበት። በስሙ ባልጠራውም እሱን ብዬ ነው የጻፍኩት። አሁን አውጡት ስትሉኝ እሱን አውጡት ነው የምትሉኝ።»

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰሙት። ሀይደር መነጽሩን አወለቀ። ወደ በለጡ አየ። የተናገረው ሙርሳል ነው። «እኔ ትምህርት የለኝም» አለ። «ልጄ ያን ያምናውን ግጥም ቤት ውስጥ አነበበ፣ እናቱ ‹ይሄ ስድብ ነው ወይ?› አለ። በዓል ነው አልኩት። ይሄን አዲሱን ግን ጠዋት ምሰሶ ስናቆም የነበረ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ወንድምህም ውስጡ አለ፣ አስተማሪ። ሰው ይቆጥረዋል።»

ምንያህል ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና ለራሱ ሊያነብ ጀመረ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ስድስት ላይ ይቆማል። ሰባተኛው ላይ ድምፅ ወጣው። «ወጥተው የቀሩትን» አለ፣ «እናቶች» ብሎ ተወ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የምንያህል እናት አሁን ድረስ በየዓመቱ ባሕር ዳር ሄዳ የመጣ እስረኛ እንዳለ ትጠይቃለች የሚል ወሬ በለጡ ሰምታ ነበር፤ እውነት ይሁን አይሁን አታውቅም። ምንያህል እስክሪብቶውን አነሣ። በፕሮግራሙ ላይ አራተኛው ተራ ላይ ያለውን የራሱን ርዕስ በአንድ መስመር ሰረዘው፤ ቀጥ አድርጎ፣ ሳይጫነው።

«‹ባንጠራቸው እንኳ› የሚለውን እንዳትቸኩልበት» አለ ለበለጡ። «ልጅቷን ንገሪያት።»

በአሥር ሰዓት መላው ትምህርት ቤት ለነገው ልምምድ ሜዳው ላይ ተሰለፈ። አጫጭሮቹ ፊት፣ ረጃጅሞቹ ኋላ፤ ክፍል ከክፍል በአንድ እርምጃ ተለያይቶ። በርኅራኄ የማይታወቀው የስፖርት መምህር «ተጠንቀቅ!» አለ። ሦስት ተማሪዎች ወጡ። መሀለኛው ባንዲራውን አጥፎ በሁለት ክንዱ እንደ ሕፃን ይዞታል፣ ሁለቱ ገመዱን ይይዛሉ። አረንጓዴው ወደ ላይ መሆኑን አይተው ከላይና ከታች ባለው ማሰሪያ ገመዱ ላይ አሰሩት፤ ጨርቁ መሬት እንዳይነካ መሀለኛው እስከ መጨረሻው ክንዱን አላወረደም። መዝሙሩ ሲጀመር አንዱ ይስባል፣ ሌላው ይለቃል። ችግሩ ሁልጊዜ ልኩ ነው። አዲሱ ምሰሶ ከአሮጌው በአንድ ክንድ ስለረዘመ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩ መዝሙሩ አልቆ ባንዲራው መንገድ ላይ ቀረ፣ ልጆቹም ሳቁ። አወረዱት። ስፖርት መምህሩ መዝሙሩን ከፋፍሎ ገመዱ ላይ በከሰል አራት ቦታ ምልክት አደረገላቸው፤ በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ አንድ ምልክት ከእጃቸው መውጣት አለበት። ሁለተኛው ሙከራ ልክ ሆነ። ባንዲራውና መዝሙሩ አብረው ጨረሱ።

ከዚያ ምንያህል ፕሮግራሙን ይዞ «ግጥም፣ ሲትና ሙርሳል፣ ዘጠነኛ ሀ» አለ።

ሲትና ወጥታ ፊቷን ወደ ሰልፉ ጀርባዋን ወደ ምሰሶው አደረገች። እጇ ውስጥ ወረቀት የለም። ጥሩ ጀመረች። ምስጡ ላይ ስትደርስ ከሠፋሪዎቹ ልጆች ሳቅ ተሰማ፣ ከበርታዎቹም። አጥሩ ጋ ቆሞ የነበረው ቸሩ ሙርሳልን በክርኑ ነካው። ልጅቷ ሳቁ አደፋፈራትና ፈጠነች፤ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ አልፋ ኩራቱ ላይ ደረሰች።

«ቁሚ» አለ ምንያህል። «ከ‹ወጥተው› ድገሚ። ስድስቱ ላይ ቆም በዪ።»

ደገመች። አሁን ደግሞ ቆመች፣ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ የኋላው ረድፍ አልሰማም። «ድገሚ» አለ። በለጡ ከመምህራኑ መስመር ላይ ቆማለች። እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ አንዴ የተባለ ስንኝ በሜዳ ሦስት ጊዜ ይባላል ብላ። ጫማዋ አጠገብ አንድ የጠመኔ ቁራጭ ወድቋል፤ እሱን ታያለች።

ሦስተኛው ጊዜ ሲትና አየር ሳበች። «ወጥተው የቀሩትን» አለች። የገመዱ ጫፍ ምሰሶውን ሲመታ ተሰማ። «እናቶች ያውቃሉ።» ከአጥሩ ውጭ የቆሎ ጣሳዋን ታቅፋ የቆመችው አገኘሁሽ አልተንቀሳቀሰችም። «ባንጠራቸው እንኳ» አለች ልጅቷ፣ አልቸኮለችም፣ «ከሰልፉ ውስጥ አሉ።» የቀረውን ጨርሳ ወደ ረድፏ ተመለሰች። ምንያህል ቀጣዩን ፕሮግራም ወዲያው አልጠራም። ስፖርት መምህሩ ሁለት ጊዜ አየው። በኋላ ወረቀቱን ገልብጦ «አምስተኛ» አለ።

ልጆቹ ሲበተኑ ሲትና ወደ በለጡ መጣች። «ቲቸር፣ ልክ ነው?»

«የመጨረሻውን ስንኝ ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለች በለጡ። «ሌላው ልክ ነው።»

ቤት ስትደርስ እየሩስ የምታጥበውን ልብስ ከወዲሁ ዘፍዝፋው ነበር። በለጡ ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውጭ ደመናው ወደ ሸርቆሌ በኩል ጠቁሯል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው።

«ጸደቀ?» አለች እየሩስ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

«ጸደቀ።»

እየሩስ ውሃ ውስጥ ያለ አንድ ልብስ አነሣች፣ ጨመቀችው፣ መልሳ ከተተችው። «ቅድም ስትቆጥሪ ሰማሁሽ» አለች። «እንዳለ ነው የተነበበው?»

«እንዳለ።»

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«እኔ የት ነው የምቆመው?»

«ከወላጆች ጋር» አለች በለጡ። ከዚያ ተነሥታ ልብሱን ለመጭመቅ ሌላኛውን ጫፍ ያዘችላት።